የመጀመሪያ ፈተናዬን ያወጣሁባት ሌሊት

ለጀማሪ መምህራን በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አንጋፋ መምህራን፣ በተለይም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመኔ የጨበጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

የመንፈቅ ዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ አንድ ምሽት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ የመጀመሪያ ፈተናችሁን ታወጣላችሁ። አዘጋጆቹ «ስለ ምዘና ተናገሪ» ብለውኛል። እኔ ግን ስለ አንዲት ሌሊት ልነግራችሁ መጥቻለሁ፤ ስለ ምዘና የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርኩት በዚያች ሌሊትና ከእርሷ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ነውና።

ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ። አንደኛው፣ ከየትኛው ትምህርት ስንት ጥያቄ ይውጣ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ጥያቄያችን እኛ ሳናውቀው ምን ምን ይጠይቃል የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ የታረመው ወረቀት ስለ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ስለ ጥያቄው ምን ይነግረናል የሚለው ነው። ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የቆሰልኩት እዚያ ላይ ነውና።

ዘመኑ 1998 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ጥር። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ የአምስተኛ ክፍል የተቀናጀ ሳይንስ መምህርት ነበርኩ። ተማሪዎቼ 58 ናቸው። ያ አገር ብርዱ እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ቀበሌው መብራት የለውም። በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ጋቢ ደርቤ፣ ፋኖስ አብርቼ ተቀምጫለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ረቂቁን ማስረከብ አለብኝ፤ በስቴንስል ተጽፎ መባዛት ስላለበት ቀነ ገደቡ አይታለፍም። ፈተናው ከ60 የሚታሰብ ነው፤ የቀረው 40 በክፍል ሥራና በሙከራ ተይዟል። ሠላሳ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሬ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሠላሳውንም ጨረስኩ። ደስ አለኝ። ሰውነቴም ደክሞ ስለነበር መጽሐፉን ከድኜ ልተኛ ነበር።

ያስቆመኝ የስም መጥሪያ ደብተሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበርና ሳጥፈው ዓይኔ በኅዳርና በታኅሣሥ ገጾች ላይ አረፈ። ገጾቹ የቀሪ ምልክት ሞልቷቸዋል። ለምን እንደሆነ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ የአጨዳና የውቂያ ወቅት ነው። ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ነዶ ያቀብላል፣ እናቱ ለደቦ ስትደግስ ውሃ ይቀዳል። ከ58ቱ መካከል 22ቱ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ቀርተዋል። በእነዚያ ሳምንታት ያስተማርኩት ምን ነበር? ዕፅዋት።

ረቂቁን መልሼ አነሣሁትና ቆጠርኩ። በመንፈቅ ዓመቱ ያስተማርኩት ሦስት ምዕራፍ ነው፤ አየር፣ ውሃ እና ዕፅዋት። ከአየር ያወጣሁት አራት ጥያቄ ነው። ከውሃ ስድስት። ከዕፅዋት ሃያ!

ሃያ ጥያቄ ከአንድ ምዕራፍ! ማን አዘዘኝ? ማንም አላዘዘኝም። ልጎዳቸው አስቤስ ነበር? አልነበረም። እንግዲህ እንዴት ሆነ? ዕፅዋት ላይ ጥያቄ ማውጣት ቀላል ስለሆነ ነው። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ዘር፤ ስም በስም የተሞላ ምዕራፍ ነው። «ምን ይባላል?» እያሉ መሄድ ነው። አየር ግን አይታይም፣ አይቆረጥም፣ ሥዕል አይሠራለትም፤ ስለ አየር ጥሩ ጥያቄ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ማሰብ ያስፈልጋል። የደከመው እጄ ወደሚቀልለው ሄደ፤ የሚቀልለው ደግሞ 22 ልጆች አጨዳ ላይ የነበሩበት ምዕራፍ ሆኖ ተገኘ።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ በኮሌጅ ሳለን ያስተማሩን የፈተና ቢጋር ነው። ለፈተና ብዬ አጥንቼው ለፈተና ብዬ የረሳሁት ነገር ነበር። አንድ ወረቀት ወስጄ በመስመር ከፋፈልኩት። በቁመት ምዕራፎቹን፣ በአግድም ለየምዕራፉ የዋለውን ክፍለ ጊዜ ጻፍኩ። አየር 16፣ ውሃ 20፣ ዕፅዋት 24፤ በድምሩ 60 ክፍለ ጊዜ። ለ60 ክፍለ ጊዜ 30 ጥያቄ ማለት ለየሁለት ክፍለ ጊዜው አንድ ጥያቄ ማለት ነው። ስለዚህ ለአየር 8፣ ለውሃ 10፣ ለዕፅዋት 12። ሒሳቡ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ይህን ሦስት ደቂቃ ከጥያቄዎቹ በፊት ባስቀድመው ኖሮ ሦስት ሰዓት አላባክንም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደምታነሡ አውቃለሁ። «ልጆቹ ከቀሩ ታዲያ ዕፅዋትን ከ12ም በታች ለምን አላወረድሽውም?» እኔም በዚያች ሌሊት ከራሴ ጋር ተሟግቼበታለሁ። ብቀንሰው ክፍል ውስጥ ተገኝተው የተማሩትን 36 ልጆች እበድላለሁ፤ ስድስት ሳምንት የለፉበትን ትምህርት ዋጋ አሳጣዋለሁ። ካልቀነስኩት ደግሞ 22ቱ ባልሰሙት ነገር ይጠየቃሉ። የፈተና ወረቀት ይህን ሊፈታ አይችልም። ሊፈታው የሚችለው ክፍል ነው። እስከ ፈተናው ድረስ ለክለሳ የቀሩኝን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች በሙሉ ለዕፅዋት ልሰጣቸው ወሰንኩ፤ የቀሩትን ልጆች ስም ከደብተሩ ገልብጬ ከፊት እንዲቀመጡ አደረግሁ። በቂ ነበር ወይ? አልነበረም። ሁለት ክፍለ ጊዜ አንድን ሳምንት አይመልስም። ነገር ግን በእጄ የነበረው እርሱ ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ።

ስምንት የዕፅዋት ጥያቄዎችን አውጥቼ ስጥል የትኛውን ልጣል ብዬ አንድ በአንድ ማንበብ ነበረብኝ። ሳነብ የማላውቀው ሰው የጻፋቸው ጥያቄዎች መሰሉኝ። አንዱን ልጻፍላችሁ፤ በሰሌዳው ላይ ተመልከቱት።

«ውሃንና ማዕድናትን ከአፈር ውስጥ የሚመጥጡት የዕፅዋት ክፍሎች የትኞቹ ናቸው? ሀ) ግንድ ለ) አበባ ሐ) ሥሮች መ) ፍሬ»

ምን ይታያችኋል? እስቲ ሳይንሱን እርሱትና አማርኛውን ብቻ አንብቡት። «የሚመጥጡት» ይላል፣ «ክፍሎች» ይላል፣ «የትኞቹ ናቸው» ይላል። ሁሉም ብዙ ቁጥር ነው። ከአማራጮቹ ብዙ ቁጥር የሆነው የትኛው ነው? ሥሮች ብቻ! ስለ ሥር አንዲት ቃል ያልሰማ፣ ግን አማርኛ ጆሮው ላይ ያደገ ልጅ ይመልሰዋል። አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ የሆነ ልጅ ይኸው ጥቆማ ያልፈዋል። ሳይንስ ልፈትን ተነሥቼ የሰዋስው ጆሮ ፈተንኩ። አማርኛችን በግሡ ላይ ቁጥርን ብቻ ሳይሆን ጾታንም ስለሚያሳይ ይህ ወጥመድ እነዚህን ከማያሳይ ቋንቋ ይልቅ በእኛ ዘንድ ይበዛል። «የምትባለው» ብላችሁ ጠይቃችሁ ከአማራጮቹ አንዷ ብቻ ሴት ከሆነች መልሱን ነግራችኋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጥያቄውን ከእያንዳንዱ አማራጭ ጋር እያገናኙ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል። እኔ ያን ሌሊት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳነብ አከራዬ እማማ ከግድግዳው ወዲያ ሰምተውኝ «ልጄ፣ ጸሎት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ፈተና ነው፣ እማማ» አልኳቸው። «እርሱም ጸሎት ይፈልጋል» ብለው ተኙ።

ሌላው የውሃ ጥያቄ ነበር። «በማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ምን ይሆናል?» የሚል። መጽሐፉ ላይ የማቀዝቀዣ ሥዕል ስላለ ከዚያ ወስጄው ነው። ፋኖስ አብርቼ፣ መብራት ለሌለው ቀበሌ ልጆች ስለ ማቀዝቀዣ እጠይቃለሁ! ከ58ቱ ማቀዝቀዣ ያየ የሁለት ነጋዴዎች ልጆች ብቻ መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ዘመድ አላቸው። ጥያቄው በውስጡ «አባትህ ማነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተሸክሟል። ልብ በሉ፤ ትምህርቱ ራሱ ስሕተት የለበትም፤ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። የሚቀየረው ልብሱ ነው። ያ አገር በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ውጭ ያደረ ሳህን ውስጥ ያለ ውሃ ጠዋት በላዩ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ይህን ያላየ ልጅ የለም። «ሌሊት ውጭ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ተገኘ፤ ውሃው ምን ለውጥ አደረገ?» ብዬ ጻፍኩት። እውቀቱ ያው ነው፤ በሩ ግን ለሁሉም እኩል ተከፈተ።

ስለ መልስ ቁልፍም አንድ ነገር ልበልና እለፍ። ቁልፉን ስጽፍ ከሠላሳው መልስ 14ቱ «ሐ» ላይ ወድቀዋል። ሳላስበው ትክክለኛውን መልስ መሐል መደበቅ ለምጃለሁ። ምንም ሳያውቅ ሁሉንም «ሐ» የሚል ልጅ 28 ነጥብ በነጻ ያገኛል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚሉ አራት ቁራጭ ወረቀቶችን ጠቅልዬ በስኒ ውስጥ ጨመርኩና ለእያንዳንዱ ጥያቄ እያወጣሁ፣ እየመለስኩ፣ በዕጣ ደለደልኩት። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ፋኖሱ ጋዝ ጨርሶ ነበር።

አሁን ሦስተኛው።

ፈተናው ተሰጠ፤ አረምኩ፤ ሮስተሩ ተሞላ። በትምህርት ቤታችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ መምህር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ወረቀቶቹን ታቅፌ ሲያዩኝ «ልጆቹን አረምሽ፤ ጥያቄዎቹንስ አርመሻል?» አሉኝ። አልገባኝም። አስቀመጡኝና አሳዩኝ። እናንተም ጻፉት፤ ኮምፒውተር አይጠይቅም።

ወረቀቶቹን ከከፍተኛው ውጤት ወደ ዝቅተኛው በቅደም ተከተል ደርድሩ። ከላይ አንድ አራተኛውን፣ ከታች አንድ አራተኛውን ውሰዱ፤ እኔ 15 እና 15 ወሰድኩ። ከዚያ እያንዳንዱን ጥያቄ ከላይኞቹ ስንቱ፣ ከታችኞቹ ስንቱ እንዳገኙት ቁጠሩ። ጤነኛ ጥያቄ ከሆነ ከላይ ያሉት በብዛት ያገኙታል፤ ለምሳሌ የውርጩን ጥያቄ ከላይ 14፣ ከታች 8 ልጆች አግኝተውታል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ጥያቄው ያጠናውን ካላጠናው አይለይም። የታችኞቹ ከበለጡ ግን ቁሙ። እዚያ የታመመ ነገር አለ፤ ወይ ቁልፉ ተሳስቷል፣ ወይ ሁለት መልስ አለው፣ ወይ አነጋገሩ የሚያስብን ልጅ ያሳስታል።

ማስጠንቀቂያም አለው። በ15 ልጅ ላይ የአንድ ወይም የሁለት ልጅ ልዩነት ምንም አይነግራችሁም፤ በአጋጣሚም ይሆናል። ሁሉም ያገኙት ጥያቄም በሽተኛ አይደለም፤ ትምህርቱ ለሁሉም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚያሳያችሁ የት እንደምትመለከቱ ነው። ምክንያቱን የሚነግራችሁ ልጁ ነው።

የእኔ 17ኛ ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር። «ጠዋት በሣር ላይ የሚታየው የውሃ ጠብታ ከየት የመጣ ነው? ሀ) ከሣሩ ለ) ከአየር ሐ) ከዝናብ መ) ከጉም» መልሱ «ለ» ነው ብዬ ነበር፤ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሆናልና። እንዲያውም የምኮራበት ጥያቄ ነበር፤ ከልጆቹ ሕይወት የወሰድኩት ነውና። ቁጥሩ ግን ምን አለ? ከታችኞቹ 15 ልጆች 9 አግኝተውታል። ከላይኞቹ 15 ልጆች 5 ብቻ! ስምንቱ «ከሣሩ» ብለዋል።

በማግሥቱ ከስምንቱ አንዱን ጠራሁት። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ከትምህርት በፊት ከብት አሰማርቶ የሚመጣ። «ለምን ከሣሩ አልክ?» አልኩት። ያጠፋ መስሎት ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አትፍራ ስለው እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ ምንጩ ዳር ያለው ሣር ላይ ጠብታው ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ቅጠል ደረቅ ነው። ጤዛ ቢሆን ሁሉንም ያረጥበው ነበር። ሥር ውሃ ይስባል ብለውን የለ? ሲበዛበት በጫፉ ያወጣዋል ብዬ ነው።»

ወገኖቼ፣ ልጁ ትክክል ነው። አፈሩ እርጥብ ሲሆንና ሌሊቱ ቀዝቅዞ ቅጠሉ ውሃ ማትነን ሲያቅተው ሥሩ የሚገፋው ውሃ በቅጠሉ ጫፍ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በጠብታ መልክ ይወጣል። በሣርና በገብስ ቡቃያ ላይ በግልጽ ይታያል። ጤዛም እውነት ነው፤ ይህም እውነት ነው። ጥያቄዬ ሁለት መልስ ነበረው። ይህን ሳላውቅ ዓይኑን ከፍቶ የተመለከተውን፣ የዕፅዋትን ምዕራፍ ከውሃ ምዕራፍ ጋር ያገናኘውን ልጅ ሁለት ነጥብ ቀጣሁት፤ ያላሰበበትን ሸለምኩት። በዚያች ሌሊት ስለቀሩት ልጆች ስጨነቅ፣ ከሁሉ በላይ የተማረው ልጅ ሊበደል ይችላል ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር።

ወደ ርእሰ መምህሩ ሄድኩ። «ሮስተሩ ተሞልቷል፤ ደረጃም ወጥቷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሮስተር መሰረዝ ቀላል ነገር አይደለም። ጋሼ አብረውኝ ገብተው ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉላቸው፤ የላይኞቹንና የታችኞቹን ቁጥር አሳዩአቸው። ፈቀዱ። ሁለቱም መልሶች እንዲያዙ አድርገን «ከሣሩ» ላሉት 19 ልጆች ሁለት ሁለት ነጥብ ጨመርን። «ከአየር» ካሉት ግን ምንም አልቀነስንም።

ያም ሆኖ የተጎዳ ነበር። አንደኛ የነበረች ልጅ ሁለተኛ ሆነች። ነጥቧ አልተነካም፤ ከእርሷ በታች የነበረው ልጅ ግን አለፋት። መጥታ «እኔ የተሳሳትኩት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም» አልኳት። ጥያቄው ሁለት መልስ እንደነበረው ነገርኳት፤ ስሕተቱ የእኔ መሆኑንም ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ግን አለቀሰች። ዛሬም ብሆን ሌላ የምላት ነገር አላገኘሁም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ያ ልጅ ምንጩ ዳር ወሰደኝ። ተንበርክኬ አየሁ። እንዳለው ነው፤ በእያንዳንዱ ሣር ጫፍ አንዲት ጠብታ፣ ሌላው ቅጠል ደረቅ።

እንግዲህ ሻይ ከመጠጣታችን በፊት አንድ ሥራ እንሥራ። ረቂቅ ፈተናችሁን ይዛችሁ ኑ ተብላችሁ ነበር። አሁን አውጡት። ምዕራፎቹን በቁመት፣ ክፍለ ጊዜውን በአግድም ጻፉና ጥያቄዎቻችሁን ቁጠሩ። ከዚያ ለጎናችሁ ላለው ባልደረባ አቀብሉት፤ እርሱም ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። እኔ በመካከላችሁ እየዞርኩ አያለሁ።